ለሥራ ሰዓት ማርፈድ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ፦ ፍርድ ቤት ፊት የሚቆመው ደብዳቤ ምን ዓይነት ነው?

(ለሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያዎችና ለክፍል ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር ጽሑፍ)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሠራተኛ ደጋግሞ ሲያረፍድ የሚጻፍለት ማስጠንቀቂያ። ብዙዎቻችሁ ቢሮ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቅጽ ይኖራል፤ ስሙ ተቀይሮ፣ ቀኑ ተቀይሮ፣ ማኅተም ተመትቶ ይወጣል። «በተደጋጋሚ የሥራ ሰዓት ባለማክበርዎ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የተሰጠዎት መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። ከዚያ ከወራት በኋላ ሠራተኛው ተሰናብቶ ክስ ሲመሠርት ያ ደብዳቤ ከማኅደር ይወጣል፤ ዳኛው ያነበውና «ስንት ጊዜ ነው ያረፈደው? መቼ መቼ?» ብሎ ይጠይቃል። ደብዳቤው መልስ የለውም።

ከሕጉ እንጀምር፤ ደብዳቤው ውስጥ የሚገባው ነገር ሁሉ የሚመዘዘው ከዚያ ነውና። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 1 (ሀ) አሠሪው ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ጊዜ የሥራ ውል የሚያቋርጥበትን አንድ ምክንያት ያስቀምጣል። ሠራተኛው በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል የታወቀ በቂ ምክንያት ሳይኖረው፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው፣ በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ በድምሩ ስምንት ጊዜ ካረፈደ ነው። ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/96 ቁጥር አልነበረውም፤ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ያለ በቂ ምክንያት ደጋግሞ የሥራ ሰዓት አለማክበር ይል ነበር። «ደጋግሞ» ሦስት ነው አምስት? ክርክሩ እዚያ ላይ ይሆን ነበር። አሁን ስምንት ሆኗል፤ ክርክሩም ወደ ቆጠራው ዞሯል። ስለዚህ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ዋና ሥራ ቆጠራውን ሠራተኛው ባለበት፣ በጊዜው፣ በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ቁጣው፣ ምክሩ፣ «ድርጅታችን ከርስዎ ብዙ ይጠብቃል» የሚለው ሁሉ ቢቀር ደብዳቤው አንዳች አይጎድለውም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላስታውስ። ይህ አዋጅ የሚመለከተው የግል ድርጅቶችንና የመንግሥት የልማት ድርጅቶችን ሠራተኞች ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግና የዲሲፕሊን ሥርዓት አላቸው። የሥራ መሪዎችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ለሥራ መሪ አንቀጽ 27ን ጠቅሶ ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ አስተዳደር ገና ከመነሻው ሕጉን ስቷል።

አሁን ወደ ቆጠራው። አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የማሸጊያ ፋብሪካ እንበል፤ ሠራተኛዋ የመጋዘን ሠራተኛ ናት። የሥራ ደንቡ የመግቢያ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡30 ነው ይላል፤ እስከ 2፡40 የገባ እንዳረፈደ አይቆጠርም፤ ከ2፡40 ካለፈ ግን ያረፈደበት ጊዜ የሚሰላው ከ2፡30 ጀምሮ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ በብዙ ደንቦች ውስጥ የለችም። ሳትኖር ስትቀር ደግሞ 2፡48 የገባ ሠራተኛ «ያረፈድኩት ስምንት ደቂቃ ነው» ይላል፣ አስተዳደሩ «አሥራ ስምንት ነው» ይላል፣ ሁለቱም ደንቡን ይጠቅሳሉ።

የአሻራ ማሽኑ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ስድስት ጊዜ ከ2፡40 በኋላ መግባቷን ያሳያል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙ ደብዳቤ የሚበላሸው ከማሽኑ ወደ ወረቀቱ ሲገለበጥ ነው። ማሽኑ ላይ ያለው መዝገብ ይህን ይመስላል፦ `2025-11-18 08:57:14`። በእኛ አቆጣጠር ይህ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡57 ነው። የሰው ኃይል ጸሐፊዋ በችኮላ «ኅዳር 18 ከጠዋቱ 8፡57» ብላ ብትገለብጠው ደብዳቤው ኅዳር 9ን ትቶ ኅዳር 18ን ሁለት ጊዜ ይቆጥራል፤ ጠዋት 8፡57 የሚባል ሰዓት ደግሞ በእኛ ሰዓት የለም። ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ የማሽኑን ህትመት ከደብዳቤው ጋር አያይዙ፤ ዕለቱንም ማክሰኞ፣ ሐሙስ ብላችሁ ጨምሩ። የዕለት ስም ስህተትን ወዲያው ያጋልጣል፤ እሑድ ቀን ያረፈደ ሠራተኛ ካገኛችሁ ቅየራው ተሳስቷል ማለት ነው።

ማሽኑ ራሱም ይጠረጠራል። መብራት ሲጠፋ፣ ባትሪው ሲደክም ሰዓቱ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ይንሸራተታል። በሳምንት አንድ ጊዜ ከስልክ ሰዓት ጋር አስተያይቶ መዝገብ ላይ መፈረም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ፍርድ ቤት ላይ ግን ማሽኑ እንዲታመን የሚያደርገው እሱ ነው። ሌላው ሰልፉ ነው። አንድ ማሽን ላይ መቶ ሰው ከተሰለፈ፣ 2፡35 በር የገባው ሰው 2፡42 ላይ አሻራውን ሊያስቀምጥ ይችላል። ይህን ለማወቅ የዚያን ቀን የሁሉንም ሰው መዝገብ አውጡ። በ2፡41፣ 2፡42፣ 2፡43 ላይ ሰዎች በየሴኮንዱ ተደርድረው ካገኛችሁ ያ ሰልፍ ነው፤ ለማንም ማስጠንቀቂያ አይጻፍበትም።

በእኛ ጉዳይ ይህን ስናደርግ ኅዳር 2 ላይ አንድ ነገር ይወጣል። በዚያ ቀን ሠራተኛዋ የገባችው 3፡10 ነው። ነገር ግን በዚያው ደቂቃ አካባቢ ሌሎች ዘጠኝ ሰዎችም ገብተዋል፤ ሁሉም የአንድ መስመር ሰርቪስ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ የስምሪት መዝገቡ ሲታይ የድርጅቱ ሰርቪስ ጎማ ተነፍሶበት ቆሞ ነበር። ድርጅቱ ራሱ ያስረፈደውን ሠራተኛ አረፈደ ብሎ መቁጠር አይቻልም። ኅዳር 2 ይወጣል። ስድስት የነበረው አምስት ይሆናል። እዚህ ላይ አንዳንዱ «ምን ቸገረን፣ ካልተቃወመች እናስገባው» ይላል። አታስገቡት። ከአምስቱ ትክክለኛ ቀናት ጋር አንድ ሐሰተኛ ቀን ካስገባችሁ፣ ያ ቀን በመስቀለኛ ጥያቄ ሲወድቅ የአምስቱንም እምነት ይዞ ይወድቃል።

በተመሳሳይ መንገድ የሚወጡ ሌሎችም አሉ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ የሕክምና ምርመራ የምትሄድበት ጊዜ በሕጉ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ነው፤ የሐኪም ማስረጃ እስካቀረበች ድረስ ከጤና ጣቢያ መጥታ 4፡00 ብትገባ ያ ማርፈድ አይደለም። በቃል ለቅርብ አለቃው ነግሮ ፈቃድ ያገኘ ሰውም እንዲሁ። የክፍል ኃላፊዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው፦ «እሺ ችግር የለም፣ ስትደርስ ግባ» ብላችሁ በስልክ ከፈቀዳችሁ በኋላ መዝገብ ላይ ካልጻፋችሁት፣ የሰው ኃይሉ ክፍል በሐቅ ሳይሆን በባዶ መረጃ ደብዳቤ ይጽፋል።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ መቼ ይጻፍ የሚለው ነው። ሕጉ ስንት ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ቁጥር አልሰጠም። ማርፈዱ የደረሰው ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ መሆን አለበት። ስድስት ጊዜ በዝምታ አሳልፎ፣ በሰባተኛው ላይ አንድ ደብዳቤ ጽፎ፣ በስምንተኛው ማሰናበት ለክርክር የተጋለጠ ነው። የሠራተኛው ጠበቃ «ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው በኋላ ያረፈደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ይላል፤ ይህ ደግሞ ዝም ብሎ የሚታለፍ ክርክር አይደለም። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ማርፈድ ሦስት መስመር የጽሑፍ ማሳሰቢያ፤ በሦስተኛው የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ በአምስተኛው ሁለተኛ፤ በሰባተኛው የመጨረሻ። የሥራ ደንባችሁ ወይም የኅብረት ስምምነታችሁ ሌላ ደረጃ ካስቀመጠ ግን የእኔን ጥላችሁ ያንን ተከተሉ፤ ስምምነቱ ጉዳዩ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ይታይ ካለ ኮሚቴውን ዘሎ የወጣ ደብዳቤ ዋጋው አነስተኛ ነው።

ስለ ደንቡ አንድ ልጨምር። «ሦስት ጊዜ ያረፈደ ይሰናበታል» የሚል የሥራ ደንብ ያላቸው ድርጅቶች አሉ። አሠሪው በራሱ የሚያወጣው ደንብ ሕጉ ለሠራተኛው ከሰጠው ጥበቃ በታች ሊወርድ አይችልም። በተቃራኒው ደንቡ አሥር ጊዜ ካለ ድርጅቱ በአሥሩ ይታሠራል። ደንቡ ደግሞ ሠራተኛው ያወቀው መሆን አለበት፤ በሰው ኃይል ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ የሚኖር ደንብን ጠቅሶ ማስጠንቀቅ ያስቃል።

ከመጻፉ በፊት ሠራተኛዋ ትጠየቅ። ረጅም ስብሰባ አያስፈልግም፤ የቀናቱን ዝርዝር ሰጥቶ ምክንያቷን በጽሑፍ እንድትሰጥ ማድረግ፣ ወይም አነጋግሮ ቃለ ጉባኤ ይዞ ማስፈረም በቂ ነው። በእኛ ጉዳይ ኅዳር 20 ቀን ተጠይቃ መኖሪያ ቤት መቀየሯን፣ አሁን ሁለት ታክሲ እንደምትይዝና ጠዋት ሰልፉ እንደሚረዝም ተናገረች። የመግቢያ ሰዓቷ ወደ 3፡00 እንዲዛወርም ጠየቀች። ይህ መልስ ደብዳቤው ውስጥ መግባት አለበት፤ ለምን ተቀባይነት እንዳላገኘም እንዲሁ። መልሷን ሳይጠቅስ የሚያልፍ ደብዳቤ ያልተሰማች ያስመስላታል። ጥያቄዋን ተቀብላችሁ ሰዓቱን ብትቀይሩላት ደግሞ አዲሱ የመግቢያ ሰዓት ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር ጻፉ፤ አለዚያ ቀጣዩ ማርፈድ በየትኛው ሰዓት እንደሚለካ ማንም አያውቅም።

አሁን ደብዳቤውን ላንብብላችሁ። ሁለተኛው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው።

«ቁጥር፦ ሰኃ/……/18
ቀን፦ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ……
የመጋዘን ሠራተኛ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሥራ መግቢያ ሰዓት ባለማክበር ሁለተኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት

በድርጅቱ የሥራ ደንብ አንቀጽ …… መሠረት የሥራ መግቢያ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡30 ሲሆን ከ2፡40 በኋላ የገባ ሠራተኛ ከ2፡30 ጀምሮ እንዳረፈደ ይቆጠራል። እርስዎ ከዚህ ጋር በተያያዘው የአሻራ ማሽን ህትመት መሠረት ከዚህ በታች በተመለከቱት ቀናት ያለ በቂ ምክንያት አርፍደው ገብተዋል፦

ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በ2፡52፣ በማሽኑ 2025-10-14 08:52፣ 22 ደቂቃ
ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም. በ3፡05፣ በማሽኑ 2025-10-23 09:05፣ 35 ደቂቃ
ሰኞ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም. በ2፡48፣ በማሽኑ 2025-11-03 08:48፣ 18 ደቂቃ
ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ2፡57፣ በማሽኑ 2025-11-18 08:57፣ 27 ደቂቃ
ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በ3፡12፣ በማሽኑ 2025-11-27 09:12፣ 42 ደቂቃ

ኅዳር 2 ቀን የገቡበት ሰዓት በድርጅቱ ሰርቪስ ብልሽት ምክንያት ስለሆነ አልተቆጠረም።

ስለዚሁ ጉዳይ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የጽሑፍ ማሳሰቢያ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል። ኅዳር 20 ቀን ተጠይቀው መኖሪያ ቤት መቀየርዎንና የትራንስፖርት ችግር መኖሩን ገልጸዋል፤ የመግቢያ ሰዓትዎ ወደ 3፡00 እንዲዛወርም ጠይቀዋል። መጋዘኑ በ2፡30 ተከፍቶ የጭነት መኪኖች ዕቃ መረከብ ስላለባቸው ጥያቄውን ለመቀበል አልተቻለም። የተሰጠው ምክንያትም በሥራ ደንቡ ከተዘረዘሩት በቂ ምክንያቶች ውስጥ አልተገኘም።

ስለሆነም ይህ ሁለተኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል። ከኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በ2፡30 በሥራ ቦታዎ እንዲገኙ እናሳስባለን። ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ሲያጋጥምዎ ከ2፡30 በፊት ለክፍል ኃላፊዎ በስልክ እንዲያሳውቁና ማስረጃውን በተከታዩ የሥራ ቀን እንዲያቀርቡ። በማንኛውም የስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈዱበት ድምር ሰባት ሲደርስ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ሲሆን፣ ስምንት ሲደርስ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27(1)(ሀ) መሠረት የሥራ ውልዎ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊቋረጥ የሚችል መሆኑን እንገልጻለን።

በዚህ ደብዳቤ ላይ ቅሬታ ካለዎት በሥራ ደንቡ አንቀጽ …… መሠረት በ…… የሥራ ቀናት ውስጥ ለ…… በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመጋዘን ክፍል
ለግል ማኅደር»

ይኸው ነው። ከስር «ደብዳቤውን ተቀብያለሁ» የሚል መስመር፣ ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና ሰዓት ይጨመራል። «ተቀብያለሁ» ይበቃል። «ጥፋቴን አምኛለሁ» ወይም «ተስማምቻለሁ» የሚል ካስገባችሁ ሠራተኛው አልፈርምም ይላል፤ ትክክልም ነው።

ደብዳቤው ውስጥ ያልገቡትንም አስተውሉ። «የመጨረሻ» የሚለው ቃል በዚህ ደብዳቤ ርዕስ ላይ የለም፤ የመጨረሻ ስላልሆነ። ማኅደራቸው ውስጥ ሦስት «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ተከታትሎ የተፋይለላቸው ሠራተኞች አሉ፤ አራተኛው ሲመጣ ማን ያምነዋል? «ተገቢው እርምጃ ይወሰዳል» የሚልም የለም። የትኛው እርምጃ፣ በስንተኛው፣ በየትኛው አንቀጽ የሚለው ተጽፏል። ስለ ሠራተኛዋ ጠባይ፣ ስለ ሥራ ፍላጎቷ፣ ከዓመት በፊት ስለ ጠፋ ካርቶን አንድም ቃል የለም። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ጥፋት።

ሌላው ትኩረት የሚፈልገው ያ የስድስት ወር ጊዜ ነው። ቋሚ አይደለም፤ አብሮ ይንሸራተታል። ስምንተኛው በደረሰበት ቀን ቆማችሁ ወደ ኋላ ስድስት ወር ትቆጥራላችሁ። ሠራተኛዋ በጥር አንድ፣ በመጋቢት አንድ ጊዜ አረፈደች እንበል፤ ሰባት ሆነ፤ የመጨረሻውም ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ከዚያ ሚያዝያ 12 ቀን አረፈደች። ስምንት ነው? ከሚያዝያ 12 ወደ ኋላ ስድስት ወር ስንሄድ ጥቅምት 12 ላይ እንደርሳለን። ጥቅምት 4 ያረፈደችበት ከስድስት ወሩ ውጭ ወድቋል። ድምሩ አሁንም ሰባት ነው። በዚህ ቀን ያሰናበታት ድርጅት በስምንት ቀን ልዩነት ሕገወጥ ስንብት ፈጽሟል። ይህን ስሌት በየደብዳቤው እንደገና አስሉት፤ ከቀድሞው ደብዳቤ ላይ ድምሩን እየወሰዳችሁ አንድ አትጨምሩበት።

ስምንተኛው በትክክል ቢደርስስ? ያኔ ሌላ ሰዓት ይጀምራል። አሠሪው የማሰናበቻ ምክንያቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይቀራል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ድርጅት ይህ አምስት ሳምንት ነው፤ በመሐል በዓል ካለ ትንሽ ይገፋል። «ለአሁኑ እንለፈው፣ ሌላ ጊዜ ቢያጠፋ እናወጣዋለን» ብሎ ሁለት ወር ያስቀመጠው ማኅደር በኋላ አይሠራም። ስንብቱም ምክንያቱንና ቀኑን ጠቅሶ በጽሑፍ መሆን አለበት። በችሎት ሕገወጥ ከተባለ ድርጅቱ ሠራተኛዋን ወደ ሥራ እንዲመልስ ወይም ካሣ እንዲከፍል ይወሰንበታል።

ስለ ደመወዝ ቅነሳ አጭር ነገር ልበል፤ ሁልጊዜ ይጠየቃልና። ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ያልተሠራበትን ደቂቃ አለመክፈልና መቅጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሠራተኛዋ ወርኃዊ ደመወዝ 10,400 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሠራ ሰው በተለምዶ ወሩ በ208 ሰዓት ይካፈላል፤ የሰዓት ክፍያዋ 50 ብር ይሆናል። አምስቱ ቀናት ሲደመሩ 144 ደቂቃ፣ ማለትም 2.4 ሰዓት ናቸው፤ 120 ብር። ይህ ያልሠራችበት ነው። ጥቅምት 24 ላይ ግን ለ18 ደቂቃ የግማሽ ቀን ደመወዟን ብትቆርጡ፣ 15 ብር መሆን የነበረበት 200 ብር ይሆናል። ያ ቅጣት ነው፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ የተደገፈ ካልሆነ ወይም ሠራተኛዋ በጽሑፍ ካልተስማማች ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። መሠረት ቢኖረውም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

የቀረው ማድረስ ነው። ደብዳቤው በዝግ ቢሮ፣ የቅርብ አለቃውና የሰው ኃይል ባለሙያ ባሉበት ይሰጥ። ሠራተኛው አልቀበልም ካለ አትጨቃጨቁ። በዚያው ሰዓት ሁለት ሌሎች ሠራተኞች ተጠርተው፣ ደብዳቤው ተነቦ፣ «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ተሰጥቷቸው ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆኑም» ተብሎ ይጻፍና ምስክሮቹ ይፈርሙ። ከምስክሮቹ አንዱ ደብዳቤውን የጻፈው ኃላፊ አይሁን። ደብዳቤውን ፎቶ አንሥቶ የሠራተኞች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ግን ማድረስ አይባልም፤ ማዋረድ ነው፤ ክስ ቢመጣም ለድርጅቱ የሚያስገኝለት ጥቅም የለም።

ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልመልስ።

አንደኛው፦ «ሌሎችም እያረፈዱ ለአንዱ ብቻ ብንጽፍስ?» ያው የአሻራ ማሽን ህትመት በሠራተኛው እጅም ይገባል። በዚያው ስድስት ወር ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ ያረፈደ ባልደረባው ምንም ካልተጻፈበት፣ በተለይ የተጻፈበት ሰው የሠራተኛ ማኅበር አባል ከሆነ ወይም በቅርቡ በድርጅቱ ላይ አቤቱታ አቅርቦ ከነበረ፣ የስንብቱ እውነተኛ ምክንያት ማርፈድ ሳይሆን ያ ነው የሚል ክርክር ይነሣል። በማኅበር አባልነት ወይም አሠሪውን በመክሰስ ምክንያት ማሰናበት ደግሞ በሕጉ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት የክፍሉን ሁሉ መዝገብ አውጡ፤ ሌላም ሰው ካለ ለእሱም በዚያው ሳምንት ይጻፍ።

ሁለተኛው፦ «ሠራተኛው ከምሳ መልስ ቢያረፍድስ፣ ይቆጠራል?» የሥራ ደንባችሁ ከምሳ በኋላ የመግቢያ ሰዓትን በግልጽ ካስቀመጠና ማሽኑ የምሳ መውጫና መግቢያን የሚመዘግብ ከሆነ ይቆጠራል። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ጠዋት ሲገባና ማታ ሲወጣ አሻራ የሚወሰድበት ቤት ከሆነ ግን ማስረጃ የላችሁም፤ የአለቃው «አይቼዋለሁ» ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ መዝገቡን አስተካክሉ፣ ለሠራተኞች በጽሑፍ አሳውቁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጠሩ።